አስፓልት ላይ የተገኘ በግ፦ የሕግ አተረጓጎም ጥያቄን በሦስቱ መንገዶች እንዴት እንሥራ

የሕግ ተማሪ ከሆናችሁ ይህን ዓይነት ጥያቄ ታውቁታላችሁ። አንድ አንቀጽ ይሰጣችኋል። ሁለት ሦስት ሰዎች የሆነ ነገር አድርገው ተይዘዋል። ከዚያ «የቃል በቃል፣ የወርቃማውንና የዓላማ ተኮሩን አተረጓጎም እያነጻጸራችሁ ጥፋተኛ መሆን አለመሆናቸውን አስረዱ» ይላል። ብዙ ተማሪ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ሦስቱ ደንቦች ታሪክ ይጽፍና የተያዙት ሰዎች መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ፈታኙ ግን የሚፈልገው እነዚያን ሰዎች ነው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራው። ደንቡን ለልምምድ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ እንዲህ የሚል ደንብ አለ ማለቴ አይደለም። ሁኔታውን ግን ሰሜን ሸዋ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የፋሲካ ዋዜማ ነው፣ ከመንዝ የመጣ በግ ከተማውን ሞልቶታል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፓልት ደግሞ ደብረ ብርሃንን መሃል ለመሃል ያልፋል።

የደንቡ መግቢያ እንዲህ ይላል እንበል፦ «በበዓል ዋዜማ በዋና መንገዶች ላይ በሚካሄድ የእንስሳት ግብይት ምክንያት የሚደርሰውን የትራፊክ መጨናነቅና አደጋ ማስቀረት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ»።

አንቀጽ 4 ደግሞ፦ «ማንኛውም ሰው ለሽያጭ የተዘጋጀ በግ ወይም ፍየል ይዞ በዋና መንገድ ላይ ከተገኘ 1,000 ብር ይቀጣል።»

ሦስት ሰዎች ተከሰዋል። አንደኛዋ ሁለት በግ በገመድ እየሳበች ከተማው ወደፈቀደው የከብት ገበያ ስትሄድ አስፓልቱን በማቋረጥ ላይ እያለች የተያዘች ሴት ናት። ገበያው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሌላ መሻገሪያ የለም። ተሻጋሪዋ እንበላት። ሁለተኛው በራሱ ግቢ ውስጥ በጎቹን አስሮ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ከበሩ ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ ቆሞ አላፊ መኪናዎችን በፉጨትና በእጁ የሚጠራ ሰው ነው። መኪናዎቹ አስፓልቱ ላይ እየቆሙ በመስኮት ይከራከራሉ፣ ከኋላቸው ሰልፉ ይረዝማል። ባለ ግቢው ይባል። ሦስተኛው የሚሸጥ በሬ ይዞ አስፓልቱ መሃል የቆመ ወጣት ነው። እሱ ባለ በሬው ነው።

መጀመሪያ፦ የሚያከራክረውን ቃል ለዩ

ደንቦቹን ከማንሳታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው አንቀጹ ውስጥ ያለችውን ያቺን የምታከራክር ቃል ፈልጉ። አተረጓጎም የሚባለው ነገር የሚነሳው በአንድ በተወሰነ ቃል ላይ እንጂ በሕጉ በሙሉ ላይ አይደለም። አንቀጹን ቆራርጡት፦ «ማንኛውም ሰው»፣ «ለሽያጭ የተዘጋጀ»፣ «በግ ወይም ፍየል»፣ «ይዞ»፣ «በዋና መንገድ ላይ»፣ «ከተገኘ»። ከዚያ ሰው በሰው ፈትሹ።

ተሻጋሪዋ ላይ የሚያከራክረው «ከተገኘ» የሚለው ነው። ባለ ግቢው ላይ «በዋና መንገድ ላይ»፤ ባለ በሬው ላይ «በግ ወይም ፍየል»። አያችሁ፣ ሦስት ሰው፣ ሦስት የተለያየ ቃል። ይህን በአንድ አጭር አንቀጽ መልሳችሁ አናት ላይ ጻፉት፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

እዚሁ ላይ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ሕጉ ራሱ ለቃሉ ትርጓሜ ሰጥቷል ወይ? አብዛኛው አዋጅና ደንብ መጀመሪያ አካባቢ የትርጓሜ አንቀጽ አለው፤ እዚያ «ዋና መንገድ» ከተተረጎመ ክርክሩ ግማሹ አለቀ። በእኛ ጥያቄ ትርጓሜ አልተሰጠም እንበል። ሁለተኛ፣ ጥያቄው በኢትዮጵያ ሕግ የሚመለስ ከሆነ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አንቀጹን ተርጉሞታል ወይ? የሰበር የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ካለ የምትጀምሩት ከእሱ ነው።

ቃል በቃል

የዚህ መንገድ ጥያቄ አንድ ነው፦ ቃሉ በተለመደው ትርጉሙ ምን ይላል? ውጤቱ ቢጥምም ባይጥምም ዳኛው እዚያ ይቆማል። ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው። ሕግ የሚያወጣው ሕግ አውጪው ነው፤ ቃሉ ጎደሎ ከሆነ ማስተካከል ያለበትም እሱው ነው፣ ዜጋም ሊቀጣ የሚገባው ማንበብ በሚችለው ቃል ነው።

ሁሌ የሚጠቀሰው የእንግሊዝ ጉዳይ እ.ኤ.አ. የ1868ቱ ዋይትሊ በቻፕል ላይ ነው። ሕጉ «የመምረጥ መብት ያለውን ሰው» መስሎ መቅረብን ይከለክል ነበር። ተከሳሹ በሞተ ሰው ስም መረጠ። ፍርድ ቤቱ፣ የሞተ ሰው የመምረጥ መብት የለውም፣ ስለዚህ ተከሳሹ «የመምረጥ መብት ያለውን ሰው» አልመሰለም ብሎ ለቀቀው። ቃሉን ከተከተላችሁ አመክንዮው አይነቃነቅም። ሕጉ ሊከለክለው የፈለገው ነገር ግን በትክክል ያ ማጭበርበር ነበር።

አሁን ወደ ሦስቱ። ተሻጋሪዋ ለሽያጭ የተዘጋጀ በግ ይዛለች፣ አስፓልቱ ላይ ተገኝታለች። ትቀጣለች። «እያለፍኩ ነበር» ማለቷ አይረዳትም፤ አንቀጹ «ከተገኘ» ይላል እንጂ «ከቆመ» አይልም። ባለ ግቢው በገዛ ግቢው ውስጥ ነው፣ ግቢ መንገድ አይደለም፤ ነፃ ነው። ባለ በሬውም በሬ በግ ስላልሆነ ነፃ ነው።

ውጤቱን ተመልከቱ። መንገድ ያጨናነቁት ሁለቱ ወጡ፣ ማንንም ያላስቸገረችው ተቀጣች። ይህን በመልሳችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት። ለሚቀጥሉት ሁለት መንገዶች በር የሚከፍተው እሱ ነው። ግን «ስለዚህ የቃል በቃል አተረጓጎም መጥፎ ነው» ብላችሁ አትዝለሉ፤ ባለ በሬው ላይ ስንደርስ ጥቅሙ ይታያል።

ወርቃማው ደንብ

ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወርቃማው ደንብ «ፍትሐዊ መስሎ የታየህን ፍረድ» ማለት ይመስለዋል። አይደለም። የሚጀምረው ከዚያው ከተለመደው የቃሉ ትርጉም ነው፤ ከእሱ የሚርቀው ያ ትርጉም ወደማይረባ ወይም እርስ በርሱ ወደሚጋጭ ውጤት ሲወስድ ብቻ ነው፣ የሚርቀውም ያንን ለማስወገድ በሚበቃ መጠን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 በግሬይ በፒርሰን ላይ ጉዳይ ሎርድ ዌንስሌይዴል ያስቀመጡት ይህንኑ ነው። ሁለቱን ቁልፎች ያዙ፦ የማይረባ ውጤት መኖሩና እርቀቱ ትንሽ መሆኑ።

ጠባብና ሰፊ የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት። ጠባቡ ቃሉ ሁለት ትርጉም ሊይዝ ሲችል የማይረባውን ትቶ ሌላውን መውሰድ ነው። ሰፊው ደግሞ ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ ቢኖረውም ውጤቱ ፈጽሞ የማይዋጥ ሲሆን ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1935 በሲግስዎርዝ ጉዳይ ልጅ እናቱን ገደለ። በውርስ ሕጉ ቃል መሠረት ወራሽ እሱ ነበር፤ ቃሉ ላይ ምንም ጥርጥር የለም። ፍርድ ቤቱ ግን ገዳይ በገደለው ሰው ንብረት አይጠቀምም ብሎ ከለከለ።

ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. የ1964ቱ አድለር በጆርጅ ላይ ነው። ሕጉ «በተከለከለ ቦታ አካባቢ» ሆኖ የጦር ኃይል አባልን ሥራ ማደናቀፍን ይቀጣል። ተከሳሹ የአየር ኃይል ጣቢያው ውስጥ ገብቶ ነው ያደናቀፈው፤ «እኔ ውስጡ ነበርኩ እንጂ አካባቢው አልነበርኩም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ውጭ የቆመ ተቀጥቶ ውስጥ የገባ የሚለቀቅበት ሕግ ትርጉም የለውም ብሎ «አካባቢ» የሚለው ውስጡንም ይጨምራል አለ።

እንሞክረው። ተሻጋሪዋን በቃል በቃሉ ከቀጣን ምን ይሆናል? ከአስፓልቱ ወዲህ ያለ ሰው ከተማው ራሱ ወደፈቀደው ገበያ በጉን ማድረስ አይችልም። ከተማው በአንድ እጁ ገበያ ከፍቶ በሌላው መንገዱን ዘጋው ማለት ነው። ይህ «ከበድ ያለ ቅጣት» ወይም «የማያስደስት ውጤት» ብቻ አይደለም፤ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። ቃሉስ ሌላ ትርጉም ይሸከማል? ይመስለኛል። «ተገኘ» ማለት ለአፍታ ማለፍንም፣ ቆሞ መቆየትንም ሊገልጽ ይችላል። ሁለተኛውን እንውሰድ፤ ተሻጋሪዋ ነፃ ናት። የተነካው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ የተነካውም በትንሹ።

ባለ ግቢውስ? ብዙ ተማሪ እዚህ «መንገዱን ያጨናነቀው እሱ ስለሆነ መልቀቁ የማይረባ ነው» ይላል። ቆም በሉ። ማንኛውም ክልከላ መስመር ያሰምራል፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለ ሰው ማምለጡ በራሱ የማይረባ ውጤት አይደለም። ደንቡ መንገድ ላይ ያለውን ከልክሎ በግል ግቢ ያለውን መተው ይችላል፤ በሰው ግቢ ጣልቃ ላለመግባት አስቦ ሊሆን ይችላል። ከአድለር ጋር አስተያዩት። እዚያ ውስጥ የገባው ውጭ ከቆመው የባሰ ነበር፣ ያንን መልቀቅ ሕጉን ገለባበጠው። እዚህ ያ መገለባበጥ የለም። ስለዚህ ወርቃማው ደንብ ባለ ግቢውን አይነካውም።

ባለ በሬው ላይ ነገሩ ይበልጥ ያስቸግራል። ፍየል ተከልክሎ በሬ መፈቀዱ እንግዳ ነው፤ በሬ ከፍየል ይልቅ መንገድ ይዘጋል። ግን «በግ ወይም ፍየል» የሚለው ቃል በምንም ብትጠመዝዙት በሬ የሚል ትርጉም አይወጣውም። ጠባቡ መልክ እዚህ አይሠራም። ሰፊው ደግሞ ከቅጣት ሕግ ጋር ይጋጫል። የሲግስዎርዝ ልጅ ውርስ ነው የተከለከለው፤ እዚህ እየተጠየቀ ያለው ሕጉ ያልጠራውን ሰው መቅጣት ነው።

ዓላማ ተኮር

ይህኛው ጥያቄውን ያዞረዋል። ቃሉ ምን ይላል ከማለት ይልቅ ሕጉ የወጣው ምን ሊያደርግ ነው ይላል፣ ከዚያ ቃሉን በዚያ ብርሃን ያነበዋል። መነሻው ሩቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1584 በሄይደን ጉዳይ ዳኞቹ አራት ነገር ጠይቁ አሉ፦ ከሕጉ በፊት የነበረው ሕግ ምን ነበር፣ ያ ሕግ ያልሸፈነው ችግር ምንድን ነው፣ ለችግሩ የተሰጠው መድኃኒት ምንድን ነው፣ የመድኃኒቱስ ምክንያት። የዛሬው ዓላማ ተኮር መንገድ ከዚያ ሰፋ ይላል፤ ቀድሞ የነበረውን ክፍተት ብቻ ሳይሆን የሕጉን አጠቃላይ ግብ ያያል።

ዓላማውን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ማስረጃ ጥቀሱ። በቅድሚያ የሕጉ መግቢያ፣ ርዕሱና ሌሎቹ አንቀጾቹ። ከዚያ የረቂቁ ማብራሪያ፤ በእኛ አገር ሐተታ ዘምክንያት የምንለው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1993ቱ ፔፐር በሃርት ላይ ጉዳይ ወዲህ የፓርላማ ቃለ ጉባኤም ይታያል፤ ግን ሕጉ አሻሚ ወይም ግልጽ ያልሆነ ወይም ወደማይረባ ውጤት የሚወስድ ሲሆን፣ ንግግሩም የሕጉ አቅራቢ የተናገረው ግልጽ ቃል ሲሆን ብቻ ነው።

የእኛ ደንብ መግቢያ ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮናል፦ መንገድ ላይ በሚደረግ ግብይት የሚመጣ መጨናነቅና አደጋ። ተሻጋሪዋ እየተገበያየች አይደለም፤ ነፃ ናት። ከወርቃማው ጋር ውጤቱ አንድ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ወርቃማው የለቀቃት መቅጣቱ የማይረባ ስለሆነ ነው፤ ይህኛው የሚለቃት ሕጉ ያሰበው ሰው ስላልሆነች ነው። ይህን ልዩነት በግልጽ ካልጻፋችሁ ሁለቱን እንደ አንድ እንዳያችኋቸው ይቆጠራል።

ባለ ግቢው ጋ ስንመጣ ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. የ1960ው ስሚዝ በሂውዝ ላይ ነው። ሕጉ ሴተኛ አዳሪዎች «በመንገድ ላይ» ደንበኛ እንዳይጠሩ ይከለክላል። ተከሳሾቹ መንገድ ላይ አልወጡም፤ በቤታቸው መስኮትና ሰገነት ላይ ሆነው ነበር አላፊውን የሚጠሩት። ዋናው ዳኛ ሎርድ ፓርከር የሕጉ ዓላማ ሰው ሳይዋከብ በመንገድ እንዲሄድ ነው፣ ጥሪው መንገድ ላይ ያለው ሰው ዘንድ ከደረሰ ጠሪው የቆመበት ቦታ ለውጥ አያመጣም ብለው ቀጡ። ከባለ ግቢው ጋር ቁርጥ አንድ ይመስላል። ሰውየው ግቢ ነው፣ ጥሪው ግን መንገድ ነው የሚደርሰው፣ መኪናውም መንገድ ላይ ነው የሚቆመው።

ግን ግሱን ተመልከቱ። በስሚዝ ጉዳይ የተከለከለው ድርጊት መጥራት ነው። ጥሪ ከሰገነት ተነስቶ መንገድ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል «በመንገድ ላይ መጥራት» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። የእኛ አንቀጽ ግን «በግ ይዞ ከተገኘ» ነው የሚለው። መገኘት የአካል ነገር ነው፤ ሰውየውም በጉም አስፓልቱ ላይ አልነበሩም። ዓላማውን ብቻ ያየ ዳኛ ሊቀጣው ይችላል፤ ይህንንም ጻፉ። እኔ ግን የሚሻለው መልስ ነፃ ነው የሚለው ይመስለኛል፤ ዓላማ ቃሉ ሊይዛቸው ከሚችሉ ትርጉሞች መካከል ይመርጣል እንጂ ቃሉ የሌለውን ትርጉም አይሰጠውም። ባለ በሬውም የሚያመልጠው በዚሁ ነው። ዓላማው ሙሉ በሙሉ ይነካዋል፣ ቃሉ ግን አይደርስበትም።

የኛ ሕግ የት ይቆማል

የወንጀል ሕጋችን፣ የ1996ቱ፣ በአንቀጽ 2 ይህንኑ ጉዳይ በሁለት ንዑስ አንቀጽ ይዞታል። ንዑስ አንቀጽ 3 ዳኛ በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል። ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ይህ መተርጎምን አይከለክልም ይልና፣ ሕጉ አጠራጣሪ ሲሆን ዳኛው እንደ ሕጉ መንፈስ፣ ሕግ አውጪው ባሰበው ትርጉምና ሊደርስበት በፈለገው ዓላማ መሠረት እንዲተረጉም ያዛል። ማለትም ዓላማ ተኮር መንገድ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የታዘዘ ነው፣ ግን በሩ የሚከፈተው በጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬ ከሌለ ቃሉ ይጸናል።

ሦስቱን ሰዎች በዚህ ለዩዋቸው። «ተገኘ» ማለፍን ይጨምራል ወይ የሚለው አጠራጣሪ ነው፤ ንዑስ 4 ይሠራል፣ ተሻጋሪዋ ትወጣለች። «በግ ወይም ፍየል» በሬን ይጨምራል ወይ የሚለው ምንም አያጠራጥርም፤ በሬ ጨምሮ መቅጣት ንዑስ 3 የከለከለው ማመሳሰል ነው። ባለ ግቢው ሁለቱ መሃል ነው የቆመው፣ የክርክራችሁን ትልቁን ቦታ ስጡት።

አጻጻፉ ላይ

ቅደም ተከተሉን በየደንቡ ሳይሆን በየሰው አድርጉት። «የቃል በቃል አተረጓጎም» ብላችሁ ሦስቱንም፣ ከዚያ «ወርቃማው» ብላችሁ እንደገና ሦስቱን ካነሳችሁ አንባቢው ተሻጋሪዋን ሦስት ጊዜ ይፈልጋታል። ከላይ በየደንቡ የሄድኩት ለማስረዳት ነው፤ ፈተና ላይ ግን ተሻጋሪዋን አንስታችሁ ሦስቱን አሳልፏት፣ ጨርሱ፣ ወደ ሌላው ሂዱ። ለባለ ግቢው የሚጻፈው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የሚያከራክረው 'በዋና መንገድ ላይ ከተገኘ' የሚለው ነው። በቃል በቃል አተረጓጎም ግቢ መንገድ ስላልሆነ ተከሳሹ አይቀጣም። ወርቃማው ደንብ ውጤቱን አይለውጥም፤ ግቢን ከክልከላው ውጭ መተው እንደ አድለር ጉዳይ ሕጉን የሚገለብጥ ውጤት አይደለም። በዓላማ ተኮሩ መንገድ ከሳሽ ስሚዝ በሂውዝ ላይን ጠቅሶ መጨናነቁ የመጣው ከተከሳሹ ጥሪ ነው ሊል ይችላል። ሆኖም በዚያ የተከለከለው መጥራት ነበር፣ እዚህ መገኘት ነው። ቃሉ ግቢ ውስጥ ያለን ሰው ስለማይሸከም አንቀጽ 2(4) የሚጠይቀው ጥርጣሬ የለም፤ ተከሳሹ ነፃ ሊባል ይገባል።»

አጭር ነው፣ ግን ምንም አልጎደለውም፦ ቃሉ፣ ሦስቱ ውጤቶች፣ ተቃራኒው ክርክርና መደምደሚያው።

ለመለማመድ ደግሞ አዲስ ጥያቄ መፈለግ አያስፈልጋችሁም። ከዚሁ አንቀጽ አንድ ቃል ለውጡና እንደገና ሥሩት። «ይዞ ከተገኘ» የሚለውን አውጥታችሁ «ለሽያጭ ካቀረበ» አድርጉት። ተሻጋሪዋ አሁን በቃል በቃሉም ነፃ ናት፤ ያቀረበችው ነገር የለም። ባለ ግቢው ግን አደጋ ላይ ወደቀ፣ ምክንያቱም ማቅረብ እንደ መጥራት ከግቢ ተነስቶ መንገድ ላይ ሊደርስ ስለሚችል የስሚዝ ጉዳይ አሁን በትክክል ይገጥመዋል። ቀጥላችሁ «በግ ወይም ፍየል» በሚለው ምትክ «በግ፣ ፍየል ወይም ሌላ እንስሳ» ብላችሁ ባለ በሬውን መልሱት፤ እዚያ ላይ ደግሞ «ሌላ እንስሳ» የሚለው ከፊቱ የተዘረዘሩትን የመሰለ ትንሽ እንስሳ ብቻ ነው ወይስ በሬንም ይጨምራል የሚል አዲስ ክርክር ይጠብቃችኋል፣ ዓላማ ተኮሩ መንገድም በዚህ ጊዜ የሚመርጠው ሁለት ትርጉም አግኝቷል።